ለአንድ ካርቶን ሦስት ዋጋ፦ ዴሊቨሪው ከተጻፈው በላይ ሲጠይቅ

ጥያቄ፦ «ሚክሰር አዝዤ ነበር፤ ክፍያው ዕቃው ሲደርስ ነው። ገጹ ላይ ዋጋው 1,200 ይላል። ሞተረኛው መጥቶ 1,390 አለኝ። ጭማሪው የዴሊቨሪ ነው ይላል። የትዕዛዙን ማረጋገጫ ከፍቼ ሳይ ደግሞ ጠቅላላ 1,310 ተጽፏል። አልከፍልም ብዬ መለስኩት፤ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። የተለጠፈው 1,200 ስለሆነ እሱን ብቻ ከፍዬ ዕቃዬን መውሰድ አልችልም? ባልቀበለውስ ይከሱኛል?»

የሚከፍሉት 1,310 ነው። እርስዎ ያሉት 1,200ም፣ ሞተረኛው ያለው 1,390ም ትክክል አይደለም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱን ካወቁ ነገ በር ላይ ምን እንደሚያደርጉ አይቸግርዎትም።

ከ1,200 ልጀምር፤ ምክንያቱም ስህተቱ የእርስዎ ነው። ከዕቃው ፎቶ ሥር የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ዋጋ ብቻ ነው። ዕቃው ከመጋዘን ወጥቶ እርስዎ በር እስኪደርስ ያለው ወጪ እዚያ ውስጥ የለም። ሻጩ የት እንደሚኖሩ ሳያውቅ ማድረሻውን ሊያሰላ አይችልም። ስለዚህ አድራሻዎን ካስገቡ በኋላ፣ ማዘዣውን ከመጫንዎ በፊት በሚመጣው ገጽ ላይ ይደምረዋል። እዚያ ገጽ ላይ ዕቃው በአንድ መስመር፣ ማድረሻው በሌላ መስመር፣ ድምሩ ከታች ይወጣል። ሰው ግን እዚህ ጋ ሲደርስ ዓይኑ አዝራሩን ነው የሚፈልገው። ተጭኖ ያልፋል። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀረው መጀመሪያ ያየው ዋጋ ነው።

ማረጋገጫ መልእክቱን እንደገና ይክፈቱትና ከድምሩ በላይ ያሉትን መስመሮች ይዩ። 110ሩ ተከፋፍሎ ይገኛል። ለምሳሌ 90 ማድረሻ፣ 20 ደግሞ የገንዘብ መሰብሰቢያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያናድድ ክፍያ ነው፤ ገንዘቤን ስለሰጠኋችሁ ታስከፍሉኛላችሁ እንዴ ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቅድሚያ የተከፈለበትን ዕቃ የሚያደርስ ሰው ካርቶን ብቻ ነው የሚይዘው። ሲደርስ የሚከፈልበትን የሚያደርሰው ግን ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይዞራል፣ ማታ ቆጥሮ ያስረክባል፣ ድርጅቱም ባንክ አስገብቶ ከቀናት በኋላ ለሻጩ ይልካል። ለዚህ አገልግሎት ድርጅቱ ሻጩን ያስከፍለዋል፤ ወይ በቁርጥ፣ ወይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ በመቶኛ። ሻጩ ከራሱ ሊችለው ይችላል፣ ወደ ገዢው ሊያዞረውም ይችላል። ከማዘዝዎ በፊት አሳይቶ ካዞረው ችግር የለውም። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ካመጣው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ 1,310 እርስዎም ሻጩም የምታውቁት የመጨረሻ ቁጥር ነው። ስምምነታችሁ እሱ ነው። እርስዎ ከዚያ በታች ልክፈል ማለት አይችሉም፤ ሻጩም ከዚያ በላይ አምጣ ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ሞተረኛው እንምጣ። እኔ አንድ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ውስጥ ማታ ማታ ከሞተረኞች ገንዘብ ስረከብ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው የምነግርዎት። ሰው በር ላይ ከሞተረኛው ጋር ዋጋ ይከራከራል፤ እስቲ ትንሽ ቀንስ ይለዋል። ሞተረኛው መቀነስ አይችልም። ቁጥሩን እሱ አላወጣውም።

ቁጥሩ የሚወለደው ሻጩ ጋ ነው። ሻጩ ዕቃውን ለማድረሻ ድርጅቱ ሲያስረክብ አንድ ቅጽ ይሞላል። የተቀባዩ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ክብደት፣ ከዚያም «የሚሰበሰብ ገንዘብ» የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ውስጥ የጻፈው ቁጥር ካርቶኑ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ይታተማል። ብዙ ጊዜ COD ከሚሉት ፊደላት አጠገብ ያገኙታል፤ ሲደርስ የሚከፈል ማለት ነው። ያው ቁጥር ሞተረኛው ስልክ ላይ ባለው አፕ ውስጥም ይገባል። ማታ ሞተረኛው ሲመለስ ሲስተሙ ዛሬ ያደረሳቸውን ካርቶኖች ደምሮ «ይህን ያህል አስረክብ» ይለዋል። የጎደለውን ከኪሱ ይሞላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 1,390 የሚል ከሆነና እርስዎ 1,310 ሰጥተውት እሱም ዕቃውን ከተወልዎት፣ ማታ 80 የሚከፍለው ልጁ ነው። በር ላይ ግግም የሚለው ለዚህ ነው። ክፋት አይደለም።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። ጉዳዩን የሚፈታልዎት እርስዎ እስካሁን ያላዩት አራተኛው ቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው። ዛሬ ሞተረኛው ከአፉ የነገረዎትን ሰሙ እንጂ ወረቀቱን አላዩም። ነገ መጀመሪያ የሚያደርጉት ወረቀቱን ማየት ነው። ካርቶኑን አይቀበሉ፣ አይፈርሙ፣ ገንዘብ አያውጡ። «ወረቀቱን አሳየኝ» ይበሉት፤ አፑንም ያሳይዎት። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ ደግሞም ሰላማዊ ጥያቄ ነው። ሥራውን በትክክል የሚሠራ ሞተረኛ ወረቀቱን ለማሳየት አያቅማማም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ «ይኸው፣ እኔ አይደለሁም» የሚልበት ማስረጃ ነውና።

ወረቀቱ ላይ 1,310 ከሆነ ነገሩ አለቀ። 80ውን የጨመረው ሞተረኛው ነው። ይህ የሚሆነው በብዙ መልክ ነው። ነዳጅ ጨምሯል ይባላል፤ ፎቅ ወጥቻለሁ ይባላል፤ ሁለተኛ ምልልስ ነው ይባላል፤ መልስ የለኝም ተብሎ ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። የመጨረሻው በጣም የተለመደው ነው፤ በትንንሽ ገንዘብ ስለሚሆንም ማንም አይከራከርም። ከእነዚህ ውስጥ የሁለተኛ ምልልስ ክፍያ አንዳንድ ድርጅቶች ጋ በእርግጥ አለ። ግን ካለ ሲስተሙ ውስጥ ይገባል፣ አፑ ላይ ይታያል፣ ደረሰኝም ይወጣለታል። ከአፍ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የለም ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ። ልዩነቱን ብቻ ለይቶ በግል ሂሳብ ቁጥሬ አስገባልኝ ካለ፣ ወይም ዋናውን በካርድ ይህቺን ደግሞ በእጅ ካለ፣ ያቺ ትንሽ ገንዘብ ድርጅቱ ጋ አትደርስም። በዚህ ጊዜ 1,310 ይስጡት፣ ዕቃዎን ይውሰዱ። እምቢ ካለ እዚያው እፊቱ የድርጅቱን ስልክ ይደውሉ። ብዙውን ጊዜ ስልኩ ሳይነሳ ነገሩ ያልቃል።

ወረቀቱ ላይ 1,390 ከሆነ ግን ልጁ ንጹሕ ነው። ጠቡ ከሻጩ ጋር ነው። እኔ ይህኛው ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ምክንያቱም ዕቃዎ ሚክሰር ነው። ሚክሰር ቀላል ሆኖ ካርቶኑ ትልቅ ነው፤ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሻጭ የሚሳሳተው።

ማድረሻ ድርጅት የሚያስከፍለው በሚዛን ብቻ አይደለም። ቦታም ይሸጣል። በላባ የተሞላ ትልቅ ካርቶን ምንም አይመዝንም፤ ግን መኪናው ላይ የሌሎችን ዕቃ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ክብደት ይሰላል። አንደኛው ሚዛን ላይ የወጣው ነው። ሁለተኛው በመጠን የሚሰላው ነው፤ የካርቶኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለአንድ ቋሚ ቁጥር ይካፈላል። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ አድራሾች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት 5,000ን ነው፤ በ6,000 የሚያካፍሉም አሉ። ከሁለቱ ክብደት የሚበልጠው ይወሰዳል።

የእርስዎን ሚክሰር እናስላው። ዕቃው ከነካርቶኑ 2 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ካርቶኑ 40 በ30 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሦስቱን ሲያባዙ 30,000 ይመጣል። ለ5,000 ሲያካፍሉት 6 ኪሎ። ታሪፉ ደግሞ ለመጀመሪያው ኪሎ 70፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 20 ይሁን። ሻጩ በ2 ኪሎ ሲያሰላ ማድረሻው 90 ሆነለት። የገንዘብ መሰብሰቢያ 20 ጨመረበት፤ 110። ማረጋገጫው 1,310 ብሎ ወጣ። ካርቶኑ መጋዘን ሲገባ ግን ድርጅቱ ለካው። 6 ኪሎ ሆነ። ማድረሻው 170፣ ከ20ው ጋር 190። ይህ ወደሚሰበሰበው ገንዘብ ሲገባ 1,390 ይሆናል። 80ዋ ልዩነት አራት ኪሎ አየር ናት ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ከፍለው እንዲወጡ አይደለም። ተቃራኒው ነው። ካርቶኑን የመረጠው ሻጩ ነው። የመለካት ዕድልም የነበረው እሱ ነው። ሜትር አውጥቶ ሦስት ቁጥር ቢያባዛ ያውቀው ነበር። ከድርጅቱ ጋር ውል ያለውም እሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ስለዚህ ድርጅቱ ከሻጩ 80 ቢጠይቅ እውነቱን ነው፤ ሻጩ ግን ያቺን 80 ወደ እርስዎ ሊገፋት አይችልም። ሒሳቡ ትክክል መሆኑና ከፋዩ ማን እንደሆነ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሻጮች እዚህ ላይ ሆን ብለውም ሳያስቡም ያደባልቁታል። «እኛ አልጨመርንም፣ ማድረሻው ነው የጨመረው» ይላሉ። ይሁን፤ እውነት ይሆናል። ግን የእርስዎ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ሌላ ስህተት አለ፤ ከመጠኑ ይልቅ የሚያንገበግብ ነው። ሻጩ ቅጹን ሲሞላ «የማድረሻውን የሚከፍለው ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ላኪ ወይስ ተቀባይ። ሻጩ የሚሰበሰብ ገንዘብ በሚለው ሳጥን ውስጥ ማድረሻውን ደምሮ 1,310 ይጽፋል። ከዚያ ከታች ሳያስተውል «ተቀባይ» የሚለውን ምልክት ያደርጋል። ሲስተሙ ማድረሻውን እንደገና ይደምራል። ገዢው ማድረሻ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አንዴ አንድ ሱቅ በዚህ ምክንያት አንድ ሳምንት ሙሉ ደንበኞቹን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስከፍሎ ነበር። እኔ የጠረጠርኩት ብዙ ካርቶን ሲመለስ አይቼ ነው፤ እስከዚያ የከፈሉት ግን ዝም ብለው ከፍለዋል። ይህን ለመለየት ወረቀቱ ላይ አንድ ነው ወይስ ሁለት የገንዘብ መስመር ያለው የሚለውን ይዩ። አንዱ መስመር 1,310፣ ሌላው ከሥሩ ለብቻው ማድረሻ ካለ፣ ተደግሟል።

አሁን ነገ ከመድረሱ በፊት ያለውን ሰዓት ይጠቀሙበት። ለሻጩ ይጻፉለት። አይደውሉ፤ ይጻፉ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ በር ላይ ሲቆሙ አይታይም። መልእክቱ አጭር ይሁን፣ ቁጣ አይኑርበት። እንዲህ ቢሉት ይበቃል፦ «የትዕዛዝ ቁጥሬ ይህ ነው። ማረጋገጫችሁ ጠቅላላ 1,310 ይላል፤ ስክሪንሹቱ ይኸው። አድራሹ 1,390 ጠይቋል። የሚሰበሰበውን ገንዘብ ወደ 1,310 አስተካክሉ። ካልተስተካከለ ዕቃውን አልቀበልም።» ስክሪንሹቱን አብረው ያያይዙ። የትዕዛዙን ገጽም አሁኑኑ ያንሱት፤ ገጽ ይቀየራል። ለጠዋት አይተዉት፤ ሞተረኞች የቀኑን ካርቶን የሚጭኑት በማለዳ ነው።

ማስተካከል ይቻላል ወይ? ይቻላል። ይህን ብዙ ሻጭ አይናገረውም። ሻጩ በራሱ አካውንት ገብቶ፣ ወይም ለድርጅቱ ደውሎ፣ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ማስቀየር ይችላል፤ ዕቃው ለእርስዎ እስካልተላለፈ ድረስ። ወረቀቱ ላይ ያለው አሮጌ ቁጥር እንዳለ ይቀራል፣ ምክንያቱም ማንም ተመልሶ አያትመውም። የሚለወጠው አፑ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ሻጩ አስተካክያለሁ ካለዎት ወረቀቱ 1,390 ማለቱ አያስደንግጥዎት፤ አፑን ይዩ። ሞተረኛው ማታ የሚያስረክበው በአፑ ቁጥር ነው። አፑ ላይ 1,310 ከሆነ ይክፈሉ።

ሻጩ «አሁን 1,390 ክፈልና 80ውን እንመልስልሃለን» የሚልበት ዕድል ሰፊ ነው። እኔ አልመክርም። ገንዘቡ ከእጅዎ ሲወጣ መጀመሪያ ሞተረኛው ጋ፣ ከዚያ ድርጅቱ ጋ፣ ከቀናት በኋላ ሻጩ ጋ ይሄዳል። ድርጅቱ ያን ጊዜ ትርፏን 80 እንደ ማድረሻ ቆርጦ አስቀርቷታል። ሻጩ የሚመልስልዎት ከኪሱ ነው ማለት ነው፤ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። ዕቃው በጣም ካስቸኮለዎትና ያቺ 80 ብትቀርም ግድ ከሌለዎት ይክፈሉ። ግን ሁለት ነገር በእጅዎ ይኑር። አንደኛው ሻጩ እመልሳለሁ ያለበት ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው የከፈሉት ሙሉ ገንዘብ፣ 1,390፣ የተጻፈበት ደረሰኝ። 1,310 የሚል ደረሰኝ ይዘው 1,390 ከፍያለሁ ቢሉ ማንም አያምንዎትም። በጥሬ ገንዘብ ክፍያ ከደረሰኝ ውጭ ምስክር የለም።

አለመቀበልን በተመለከተ፣ ፍርሃትዎ ከመጠን ያለፈ ነው። ዕቃ አዝዞ ያለ ምክንያት መመለስ እንደ አገሩ ሕግ ውል ማፍረስ ሊባል ይችላል። እርስዎ ግን ያለ ምክንያት አልመለሱም፤ የተስማማችሁበትን 1,310 ለመክፈል ዝግጁ ሆነው ቆመዋል። የተለየ ዋጋ ያመጣው ሌላው ወገን ነው። የመልስ ጉዞውን ወጪም ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ሻጩ ነው። እንዲያውም ሻጮች በዚህ ምክንያት ነው በመጨረሻ የሚስማሙት። ካርቶኑ ተመልሶ ከሄደ የሄደበትንም የተመለሰበትንም ይከፍላል፤ ከዚያ ጋር ሲተያይ 80 ምንም አይደለችም። ይህ የመደራደሪያ አቅም በእጅዎ የሚቆየው ግን ገንዘቡን እስካልሰጡ ድረስ ብቻ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሞተረኛው ካርቶኑን ይዞ ሲመለስ አፑ ምክንያት ይጠይቀዋል፣ ከዝርዝር ውስጥም አንዱን ይመርጣል። የቸኮለ ልጅ የመጀመሪያውን ይነካና ይሄዳል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ «ደንበኛው አልተገኘም» ወይም «ደንበኛው አልፈልግም አለ» ነው። ሻጮችና ድርጅቶች ይህን ይቆጥራሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በስልክ ቁጥርዎ ሲያዝዙ «ሲደርስ ክፈል» የሚለው ምርጫ ይጠፋል፤ ቅድሚያ ካልከፈሉ አይሸጡልዎትም። ስለዚህ ሞተረኛውን «ምክንያቱን የዋጋ ልዩነት ብለህ መዝግብልኝ» ይበሉት። እዚያው እያዩ ይምረጥ። ለዛሬው ምን ብሎ እንደመዘገበም ይጠይቁት። አልተገኘም ብሎ ከሆነ ለሻጩ በሚልኩት መልእክት ላይ «ቤት ነበርኩ፣ ያልተቀበልኩት በዋጋ ልዩነት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።

ሕጉን በሚመለከት፣ ከአገር አገር ይለያያል፤ መንፈሱ ግን በብዙ ቦታ አንድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፣ ሻጩ ከማዘዝ በፊት ያላሳወቀውን የማድረሻም ሆነ ሌላ ተጨማሪ ወጪ ገዢው አይሸከምም ይላል። የሕንድ የኢንተርኔት ንግድ ደንብ (እ.ኤ.አ. 2020) ማድረሻን ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋው በአንድ ቁጥር፣ ከነዝርዝሩ እንዲታይ ያዛል። ብሪታንያ ደግሞ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ አጥብቃዋለች፤ ገዢው ሊያመልጠው የማይችል ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ መግባት አለበት፣ አስቀድሞ የማይሰላ ከሆነም እንዴት እንደሚሰላ ከዋጋው አጠገብ መገለጽ አለበት። እዚያ ቢሆን ኖሮ ስለ 1,200 ያነሱት ክርክር የተሻለ መቆሚያ ነበረው። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ሻጩ አድራሻና ፈቃድ ያለው ሲሆን ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ብቻ የሚሸጥ፣ ስሙም ቦታውም የማይታወቅ ከሆነ ሕግ ይዘው የሚሄዱበት በር የለም። ለእንዲህ ያለው ሻጭ መከላከያዎ ገንዘቡን አለመስጠት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማይገባ አንድ ጉዳይ አለ። ዕቃው ድንበር ተሻግሮ የመጣ ከሆነና ሞተረኛው የሚጠይቀው የጉምሩክ ቀረጥና ታክስ ከሆነ፣ ነገሩ የማድረሻ ጭማሪ አይደለም። ያን ገንዘብ ድርጅቱ ቀድሞ ለመንግሥት ከፍሎልዎት ነው የሚሰበስበው፤ ሻጩ ባያሳውቅዎትም ዕቃውን ያለሱ አያገኙም። ሞተረኛው «የዴሊቨሪ ነው» ቢልም አንዳንዴ ይህን ማለቱ ይሆናል፤ በር ላይ ሁሉም ጭማሪ በአንድ ስም ነው የሚጠራው። መለያው ወረቀት ነው። ቀረጥ ከሆነ የተከፈለበት የጉምሩክ ሰነድ አለ። እሱን ይጠይቁ። ከሌለ ቀረጥ አይደለም።

ስለዚህ ነገ እንዲህ ያድርጉ። ዛሬ ማታ ለሻጩ ይጻፉ። 1,310 ቁርጥ አድርገው፣ መልስ የማያስፈልገው አድርገው አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ዝርዝር ገንዘብ ካለዎት «መልስ የለኝም» የሚለው መንገድ ይዘጋል። ሞተረኛው ሲመጣ ከገንዘቡ በፊት ወረቀቱን፣ ከወረቀቱ ቀጥሎ አፑን ይዩ። ሁለቱም 1,310 ካሉ፣ ወይም አፑ ብቻ 1,310 ካለ፣ ከፍለው ደረሰኝ ይውሰዱ። ሁለቱም 1,390 ካሉ ለሻጩ እዚያው ይደውሉና ለአምስት ደቂቃ ያህል ዕድል ይስጡት፤ ሞተረኛው ከዚያ በላይ መቆም አይችልም፣ ቀጣይ ካርቶን አለው። ካልተስተካከለ ካርቶኑን ይመልሱ፣ ምክንያቱን ያስመዝግቡ። የወረቀቱን ፎቶ ማንሳት አይርሱ፤ ሻጩ በኋላ «እኛ 1,310 ነው የጻፍነው» ካለ የሚያሳዩት እሱን ነው። ሚክሰሩን ከሌላ ሻጭ ሲያዝዙ ደግሞ የካርቶኑን መጠን ከመግለጫው ላይ ፈልገው ሦስቱን ቁጥሮች አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉ። የሚመጣው ኪሎ ዕቃው ከሚመዝነው በብዙ ከበለጠ፣ ከማዘዝዎ በፊት «ማድረሻው የተሰላው በመጠን ነው ወይስ በሚዛን?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ።